አለቃ ያልፈረመችበት ኑዛዜ

የምሥራች! ተፈረመ! ተጽፎ፣ ጮክ ተብሎ ተነቦ፣ በየገጹ ግርጌ ተፈርሞበት፣ ቀኑ ሰፍሮበት፣ ዋናው መዝገብ ቤት ገብቷል። ማንም ከማንም አልተማታም። «ምስር ብይ» በሉኝና ልቀጥል፤ የማን ምሥራች እንደሆነ ሳልነግራችሁ ደስታው ቀድሞኝ ወጣ።

የጎረቤቴ የአለቃ ነው። አለቃ ስላችሁ መሥሪያ ቤት የምታስተዳድር እንዳይመስላችሁ። ሶፋ አልባሽ ናት፣ የሶፋ አልባሽ ልጅ። ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራው ወርክሾፕ ውስጥ ያረጀ ሶፋ ልብሱ ተገፎ፣ እንጨቱ ተጠግኖ፣ ስፕሪንጉ ታስሮ፣ ስፖንጁ ተለውጦ፣ አዲስ ጨርቅ ለብሶ እንደ ሙሽራ ይወጣል። እሷ መዶሻ ስታነሳ የእኔ መደርደሪያ ላይ ያሉት እስክሪብቶዎች ይዘላሉ። ስንት ዓመት አብረን ስንዘል ኖርን።

ሰውን የምትመዝነው በአቀማመጡ ነው። ደንበኛ ቁጭ ሲል ፊቱን አታይም፣ ወገቡን ነው የምታየው። «ይሄ ሰውዬ በግራ ጎኑ ነው የሚያርፈው፤ የግራውን ስፕሪንግ ጠበቅ ማድረግ ነው» ትላለች፤ ትክክል ሆና ትገኛለች። ሠርታ የጨረሰችውን ሶፋ ደግሞ የምትፈትነው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ልክ እንደተገፋ ሰው ዘፍ በማለት ነው። ሶፋው ካላቃሰተ ሥራው አልቋል፤ ካቃሰተ ግን ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ቢለምናትም አትሰጥም። ክር በጥርሷ በመበጠስ ብዛት የፊት ጥርሷ ትንሽ ሸረፍ ብሏል። ስትስቅ ያምርባታል። ችግሩ ብዙ አትስቅም፤ ጊዜዋን የሚወስድባት ሌላ ሥራ አለ፤ እሱም መቅናት ነው።

ቅናተኛ አይቻለሁ፤ እንደ አለቃ ያለ ግን አላየሁም። እኔ አዲስ ማሽን ያስገባሁ ሳምንት መጥታ በዙሪያው ዞረችና «የድሮው ድምፁ ይሻል ነበር» ብላኝ ወጣች፤ በማግስቱ ለራሷ አዲስ የስፌት መኪና አዘዘች። ደንበኛ ውድ ከፋይ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ በደንበኛው አትቀናም፤ በሶፋው ነው። «እኔ ለብሼው የማላውቀውን፣ ሰው የሚቀመጥበት እንጨት ለበሰው» ትላለች ጨርቁን እየቆረጠች። ይሄ ሁሉ ግን ትርፍ ሰዓት ነው። የዘወትር ቅናቷ፣ ከልጅነት ጀምሮ ያሳደገችው፣ በእህቷ ነው።

እሷን «አለቃ» ያሏት አባታቸው እህቷን «ከረሜላዬ» ይሏታል፤ ሰፈሩም ተቀበለ፤ አሁን ልጆች አሳድጋ እንኳ ከረሜላ ናት። የመለዋወጫ ነጋዴ አግብታ ከከተማው ሌላ ጫፍ ትኖራለች። ስትመጣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የእኔን በር አልፎ ይሄዳል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዷ ስታወራ ወፍ ታረግፋለች፣ ሌላዋ ስታወራ ቡጭቅ አድርጋ ነው።

አባታቸው ጋሽ ሚስማር ናቸው። ይሄን ስም ያወጣላቸው ሙያው ነው። የሶፋ ጨርቅ ሲመታ አንዱ እጅ ጨርቁን ወጥሮ መያዝ አለበት፣ ሌላው መዶሻውን፤ ለሚስማር የሚተርፍ እጅ የለም። ስለዚህ ደቃቆቹን ሚስማሮች አፋቸው ውስጥ ይይዙና አንድ በአንድ በምላሳቸው እየገፉ ከከንፈራቸው ላይ ማግኔት ባለው መዶሻ ይለቅማሉ። ዕድሜያቸውን እንዲህ ስለኖሩ ንግግራቸው በአፍንጫ ነው። «እም» ካሉ አዎ ነው፤ «እ-እም» ካሉ አይሆንም ነው፤ «እምምም» ካሉ ደግሞ ጨርቁ ጠሟል፣ መልሰሽ ፍቺው ማለት ነው። ይሄን ቋንቋ አስተርጓሚ ሳያሻት የምትሰማ አለቃ ብቻ ናት።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚያቃጥላት። ከረሜላ ከበሩ ላይ «አባዬ!» ስትል ጋሽ ሚስማር ሥራቸውን ያቆማሉ፣ ሚስማሩን መዳፋቸው ላይ ይተፋሉ፣ አፋቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጉና ስመዋት ያወራሉ። በአፍ! በሙሉ ዐረፍተ ነገር! ስለ ልጆቿ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ መንገዱ ይጠይቃሉ። አለቃ ሶፋ ሥር ተንበርክካ ትሰማለች።

«ለእሷ ሲሆን ይተፋል» ትለኛለች ማታ በር ስንዘጋ። «እኔን ዕድሜ ልኬን ከነሚስማሩ ነው ያናገረኝ። ለእኔ ሹመት፣ ለእሷ ስኳር።»

እንዲህ እንዳሉ የጎረቤታችን የአናጢው ሞት መጣ። ሰውዬው እንደ ጋሽ ሚስማር የሠሩ፣ ያጠራቀሙ ነበሩ፤ ኑዛዜ ግን «ሞትን መጥራት ነው» ብለው አልጻፉም። ልጆቻቸው አንዱ «እሸጣለሁ» ሌላው «እሠራበታለሁ» ሲባባሉ ቤቱ ተቆለፈ፤ ክሱም ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ እየተንከባለለ ቀረ። ቁልፉ ዛገ። በሩ ላይ የተቀባው የመጋዝ ሥዕል ቀለሙ ተላጠ። ጋሽ ሚስማር የሶፋ እንጨት የሚያሠሩት እዚያ ስለነበር፣ በየጠዋቱ በዚያ በር ሲያልፉ ቆም ብለው ቁልፉን ያያሉ። አንድ ቀን ከአለቃ ጋር ሳይማከሩ አንዲት ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ሳይቃጠል በቅጠል አይደል የሚባለው።

ጠበቃዋ የቢሮዋን ወንበሮች ያለበሱላት ደንበኛቸው ናት። ስለ ኑዛዜ ሲጠይቋት እሷ መልሳ ጠየቀቻቸው፦ ወርክሾፑ የተገዛው ከጋብቻ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ነው፤ እንግዲያው ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው አለቻቸው። መኖሪያ ቤቱስ? እሱን ከባለቤታቸው ጋር ነው የሠሩት። ባለቤታቸው ሲሞቱ ግማሹ ለልጆቹ ተላልፏል፤ ስለዚህ መናዘዝ የሚችሉት በቀረው በራሳቸው ግማሽ ብቻ ነው። የሌላ ሰው ድርሻ አይናዘዝም። የሕይወት መድንም አላቸው። እሱ በኑዛዜ ውስጥ አያልፍም፤ ተጠቃሚ ተብሎ ስሙ የሰፈረው ሰው በቀጥታ ይቀበላል። «ማን ነው የተጻፈው?» ስትላቸው አንገታቸውን አከኩ። ሟች ባለቤታቸው ነበሩ የተጻፉት። «ዛሬውኑ ሄደው ይቀይሩ» አለቻቸው።

መድን ድርጅቱ ቢሮ የሄዱት ከአለቃ ጋር ነው፤ መነጽራቸውን የምትይዘው እሷ ናትና። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ወጣት ተጠቃሚዋ በሕይወት አለመኖራቸውን ካረጋገጠ በኋላ በማን እንደሚተኩ ጠየቀ። አለቃ መነጽሩን በእጇ ይዛ ቀና አለች።

«ትንሿን ልጄን» አሉ ጋሽ ሚስማር።

«ብቻቸውን?» አለ ወጣቱ።

«ብቻዋን።»

አለቃ የመነጽሩን ቤት ቀጭ አድርጋ ዘጋችው። ሲፈርሙ መነጽር አልሰጠቻቸውም፤ ወጣቱ ነው የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቱ ያሳያቸው።

ወደ እኔ ስትመጣ ፊቷ እንደ ተገፈፈ ሶፋ ሆኖ ነበር። ምን እንደሆነ ነገረችኝና እዚያው የወረቀት ካርቶኔ ላይ ተቀመጠች። ገንዘቡ አይደለም አለችኝ፤ ነው እንጂ፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ወርክሾፑንም ለእሷ ነው የሚሰጠው፤ ነገሩ ገብቶኛል አለች። ባሏ የመለዋወጫ መጋዘን ሲፈልግ ከርሟል፤ ጠረጴዛዬ በነበረበት ቦታ ጎማ ይከመርበታል፤ እኔም በሰው ቤት ለሰው ሶፋ እየመታሁ አረጃለሁ። ይሄን ሁሉ ከአንድ «ብቻዋን» ውስጥ ሰፍታ አወጣችው። ጨርቅ የማይተርፋት ባለሙያ ናት እኮ።

«ሲሞት እንኳ» አለች በመጨረሻ፣ «ሚስማሩን የሚተፋው ለእሷ ነው።»

አሁን ደግሞ የእኔን መከራ ስሙ። ኑዛዜውን በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተናዛዡ ራሱ ቢጽፈው ወይም ተናግሮ ሌላ ሰው ቢጽፍለት ሁለቱም ይሆናል አለች ጠበቃዋ፤ የእጃቸው ጽሑፍ ለራሳቸውም ስለማይነበብ እኔን መረጡ። አለቃ ጨርቅ ልትገዛ የወጣችበትን ሰዓት ጠብቀው ገቡና በሩን ዘግተው አስጻፉኝ። መኖሪያ ቤቱ ላይ ያለኝ ድርሻ ለሁለቱ ልጆቼ እኩል አሉ። የእናታቸው ወንበር ለትንሿ አሉ። ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ወርክሾፑን ከነመሣሪያው፣ ከነስሙ፣ ከነደንበኛው ለትልቋ ልጄ» አሉ።

ጠበቃዋ ረቂቁን ስታይ «ደንበኛ በኑዛዜ አይተላለፍም፣ ጋሼ» ብላ ያንን ሰረዘችባቸው። «እንግዲያው ራሷ ታባብላቸው» አሉ ቅር ብሏቸው።

ይሄን እኔ አውቃለሁ! አለቃ በየቀኑ ካርቶኔ ላይ ተቀምጣ ስለ ጎማው ክምር ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ ምላሴን ነክሼ «አይዞሽ» እላለሁ። ጋሽ ሚስማር «ኑዛዜ ሲነበብ ነው የሚሰማው፤ ከዚያ በፊት ከአፍሽ እንዳይወጣ» ብለው አስምለውኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆኜ ተገኘሁ። ራሳቸው ለምን አይነግሯትም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያቸዋለሁ። «የምሰጣትን ሳታውቅ ካልሠራች ሥራዋን በምን አውቃለሁ» አሉኝ፤ እንዲህ ያለ ግትር ሰው ናቸው። ከረሜላም በዚያ ሰሞን በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋግማ መጣች፤ እሷ በመጣች ቁጥር አለቃ አንድ የመዶሻ እጀታ ትሰብራለች።

የፊርማው ቀን ደረሰ። ጠበቃዋ የሰነድ ሹም ባለበት መዝገብ ቤት እንሂድ፤ እዚያ ሁለት ምስክር ይበቃል ብላ ነበር። ጋሽ ሚስማር ግን በሕይወታቸው ትልልቁን ነገር ሁሉ የፈረሙት በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የጋብቻ ውላቸውን ሳይቀር። ይሄንንም እዚያው ነው የምፈርመው አሉ። እንዲያ ከሆነ አራት ምስክር ያስፈልጋል፤ አራቱም ባሉበት ይነበባል፤ መነበቡም በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፤ እሳቸውና አራቱም እዚያው ይፈርማሉ አለች። ተስማሙ። ከሰፈሩ ፋርማሲስቷ፣ ጡረተኛው መምህርና ቁልፍ ቀራጩ በሰዓቱ መጥተው በሶፋዎቹ ላይ ተደላደሉ። አራተኛው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሱ ግን አንድ ደንበኛ ይዞ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ አልመጣም። ከረሜላ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ሄዳለች። እኔ የጻፍኩት ስለሆንኩ ጠበቃዋ ምስክር እንዳልሆን መክራለች፤ ከስፕሪንጎቹ አጠገብ ቆሜያለሁ። አለቃ ከስፖንጅ ማከማቻው ሆና፣ አለሁ የማትል ግን የምትሰማ ሆና፣ ስፖንጅ ትቆርጣለች።

ጠበቃዋ ሰዓቷን አየች። ያኔ አለቃ መቀሷን ይዛ ወጣች።

«አራተኛ እኔ አለሁ» አለች።

ጠበቃዋ አይሆንም ከማለት አስቀድማ ምክንያቱን በእርጋታ አስረዳቻት። በኑዛዜ አንድ ነገር የተሰጠው ሰው ምስክር ሆኖ ከፈረመ፣ ያ የተሰጠው ነገር ይፈርስበታል። እንደ ልጅነቷ በሕግ የሚደርሳት ይደርሳታል፤ በኑዛዜው ለብቻዋ የተሰጣት ካለ ግን ወደ ውርሱ ተመልሶ ከእህቷ ጋር ትካፈለዋለች። «ተሰጥቶኛል ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ» አለች ጠበቃዋ። «ያንን የመናገር መብት የአባትሽ ነው። እኔ የምልሽ ፈርመሽ መስማት ወይም ሳትሰሚ መውጣት፣ ሁለት መንገድ ነው ያለሽ።»

አለቃ ሳቀች፤ የተሸረፈው ጥርሷ ታየ። «የማይደርሰኝ ነገር ቢፈርስ ምን ይጎድልብኛል? ስታነቡት፣ እኔም በጆሮዬ ልስማውና ይለይልኝ።» መቀሷን አስቀምጣ እስክሪብቶውን አነሳች።

እኔ አሳለኝ። በእውነት ሳይሆን በዘዴ ነው ያሳለኝ፤ ማንም ግን ልብ አላለኝም። አንድ ስፕሪንግ ጣልኩ። ስፕሪንጉ እየዘለለ ወርክሾፑን አቋርጦ ሄደ፤ ሁሉም ስፕሪንጉን አዩ፣ አለቃ ግን ጠረጴዛውን ነው የምታየው። ፋርማሲስቷ ውሃ ልስጥሽ ትለኛለች። ሰው ሊወርሰው ባለው ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ቤቱን በገዛ እጁ በሁለት ሊከፍለው እስክሪብቶ ይዟል፤ እኔ ደግሞ አውቄ ዝም።

ጋሽ ሚስማር ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው ነበር። ጭንቅ ሲይዛቸው የሚያደርጉትን አድርገው፣ ሥራ በሌለበት ሚስማር ጎርሰው ነበር የዋሉት። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ሲል ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ከአገጫቸው ሥር ያዙ። ሚስማሩን ተፉ። አንዱ ከንፈራቸው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም በጣታቸው አነሱት። አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

አለቃ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሰማሁሽ እኮ» አሉ በሙሉ ድምፃቸው። «ግድግዳው ስስ ነው። ለከረሜላ ይተፋል፣ ለእኔ አይተፋም ስትዪ ሰምቻለሁ።»

አለቃ ከእኔ ቤት ጋር የሚጋራውን ግድግዳ አየችው።

«ለእንግዳ ነው የምተፋው። አንቺ መቼ እንግዳ ሆነሽ ታውቂያለሽ?»

መምህሩ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። ጋሽ ሚስማር ግን አልጨረሱም። መድኑን ለትንሿ ያሉት ለምን እንደሆነ ነገሯት። «ላንቺ ሙያ ያለው እጅ ሰጠሁሽ። ለእሷ ምን ሰጠኋት? ከረሜላ። ከረሜላ ደግሞ ይሟሟል። ባሏ ዛሬ አለው፤ ነገን አላውቅም።» ከዚያ እርጥቡን ሚስማር እፍኝ ሙሉ አድርገው ወደ እሷ ዘረጉት። «ሌላውን አልነግርሽም። ካመንሽኝ ይሄን ያዢልኝና ውጪ። ካላመንሽኝ ፈርሚ።»

አለቃ እስክሪብቶውን አየች፤ ሚስማሩን አየች። እኔ እስከ ዛሬ ሰው እንዲያ ሲያስብ አላየሁም፤ ቅናቷ በአንድ ወገን ይጎትታታል፣ ያ ሁሉ አብረው የመቱት ሚስማር በሌላ ወገን። እንደ ወፍራም ቆዳ ተወጥራ ቆመች። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሁለት እጇን ገጥማ ሚስማሩን ተቀበለችና ወጣች።

መውጣቷ ግን የአለቃ መውጣት ነው። ማዶ ተሻግራ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገባች። ምን እንዳለች አልሰማንም፤ ወዲያው ግን ፀጉር አስተካካዩ ክርኑ በእጇ ተይዞ፣ መቁረጫ ማሽኑን እንደጨበጠ፣ እየተደናቀፈ መንገዱን ሲሻገር አየን። ከኋላው ደንበኛው፣ አንገቱ ላይ ጨርቁ እንደታሰረ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንደጎፈረ፣ «ኧረ የኔስ ነገር!» እያለ ይከተላል። አለቃ ምስክሩን በበሩ ገፋ አድርጋ አስገባችው። ደንበኛው ሊገባ ሲል «አንተ ምስክር አይደለህም» ብላ ከእሷ ጋር ውጭ አስቀረችው።

ጠበቃዋ አነበበች። አራቱ ሰሙ። ጋሽ ሚስማር በየገጹ ፈረሙ፤ አራቱም ፈረሙ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሲፈርም ወረቀቱ ላይ የደንበኛው ፀጉር ረገፈና ጠበቃዋ እፍ አለችው። ሐሳባቸውን ከቀየሩ በማንኛውም ቀን ሌላ መጻፍ እንደሚችሉ ነገረቻቸው፤ «እ-እም» አሉ፤ ምንም ሳይጎርሱ። ከዚያ ከጠበቃዋ ጋር መዝገብ ቤት ሄደው ዋናውን አስቀመጡ፤ የመዝገብ ቤቱን ደረሰኝ በፖስታ አሽገው ኪሳቸው ከተቱ። ጋሽ ሚስማር ሲመለሱ አለቃን በሩ ላይ፣ እፍኟ እንደተጨበጠ፣ አገኟት።

ከረሜላ ልጆቿን ይዛ ስትደርስ አባታቸው ሁለቱን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጠው የጻፉትን ሁሉ በአፋቸው ነገሯቸው። ቁጭ ብለው ሲሰሙ ማየት ነበረባችሁ! አለቃ ወርክሾፑ የእሷ መሆኑን ስትሰማ ዘፍ አለች፤ የተቀመጠችበት ሶፋ አቃሰተ፤ እሷም በደስታዋ መሃል «ይሄ ስፕሪንግ አልታሰረም» አለች። አልቅሳ ስቃ ከጨረሰች በኋላ ግን አላስቻላትም፤ ለእህቷ አባቷ ያሉትን ነገረቻት። ለእንግዳ ነው የሚተፋው፣ ለእኔ አይተፋም፣ እኔ እንግዳ አይደለሁማ!

ከረሜላ ፊቷ ተለወጠ። «እንግዳ ነኝ ማለት ነው?» አለች። ልጅ ሳለች ወርክሾፑ ውስጥ ልግባ ባለች ቁጥር «ሚስማር ትውጫለሽ» እየተባለች ከረሜላ ተሰጥቷት እንደተባረረች፣ ከመስኮቱ ሆና አለቃና አባቷ «እም፣ እ-እም» እየተባባሉ ሲሠሩ እያየች እንደምትቀና፣ እስከ ዛሬም ያን ቋንቋ እንደማትሰማ ነገረቻቸው። «እትዬ፣ እኔ እኮ በአንቺ ነው ስቀና ያደግኩት።»

አለቃ ይሄን ስትሰማ ያየሁባት ደስታ ወርክሾፑን ስትወርስ ካየሁት ይበልጣል። የሚቀናባት ሰው ነበራት! ያን ያህል ዓመት!

ታረቁ ብዬ ልጨርስላችሁ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን የእናታቸው ወንበር ተነሳ። ለከረሜላ ተሰጥቷል። «ጨርቁን ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለች አለቃ፤ ወንበሩ ዓመት ሙሉ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ዞር ብላ አላየችውም። ከረሜላ «እዚሁ ይቀመጥ፤ እኔ እየመጣሁ እቀመጥበታለሁ» አለች። «እሷ ልትቀመጥ፣ እኔ ልሠራ!» አለችኝ አለቃ በጆሮዬ። ወዲያው ደግሞ ፊቷን አዙራ እኔን ትኩር ብላ አየችኝ። በሰፈራችን በኮምፒውተር የምጽፍ እኔ ብቻ ነኝና፣ ኑዛዜውን የጻፍኩት እኔ መሆኔ ያን ጊዜ ነው የገባት።

«አንቺ» አለች፣ «ከእኔ በፊት ታውቂ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሻይ ከእኔ ጋር መጠጣት ትታለች፤ ከከረሜላ ጋር ነው የምትጠጣው። ከረሜላ አሁን ቶሎ ቶሎ ትመጣለች፣ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ «እም ማለት አዎ ነው አይደል?» እያለች ትማራለች፤ አለቃም እየተነጫነጨች ታስተምራታለች። ሳቃቸው በስሱ ግድግዳ ይሰማኛል፤ እስክሪብቶዎቼ ይዘላሉ፤ እኔም፣ ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ቅር እያለኝ ነው። ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱም አንድ ላይ እንደሚሆን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ጋሽ ሚስማርም ጠዋት ጠዋት የአናጢውን ዝገታም ቁልፍ ሲያልፉ መቆም ትተዋል፤ ሚስማራቸውን ጎርሰው እልፍ ነው።

ይሄው በመስኮቴ ማዶውን ሳይ፣ ያ ደንበኛ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሊገባ ነው! ግማሽ ራሱ ተላጭቶ በሩ ላይ ያስቀረነው! ያን ቀን ጨርሶ ሳይሰማ ነው በንዴት የሄደው፤ መጨረሻውን አያውቅም። ጨርቁ ሳይታሰርለት ልድረስበት፤ ማሽኑ ከተነሳ አይሰማኝም። በሩን ዘግቼ መሮጤ ነው።